34 ዲግሪ ከወበቅ ጋር፣ 40 ዲግሪ ደረቅ አየር፦ የቱ ይከፋል?

ጥያቄ፦ «ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያወርዱ ስምንት ልጆች አሰራለሁ። ስልኬ 34 ዲግሪ ይልና ከስሩ Feels like 49 ብሎ ይጽፋል። እኔ በወጣትነቴ 40 ዲግሪ በረሃ ላይ ሰርቼ ምንም አልሆንኩም። ይሄ 49 የሚሉት ማስፈራሪያ ነው ወይስ እውነት? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ዌት ባልብ 35 እስካልገባ ድረስ ችግር የለም አለኝ። ውሃ እንደ ልብ አለ። ሁለት ትልልቅ ቬንትሌተርም አለ። አይበቃም?»

አይበቃም። ጓደኛዎ የነገረዎት ቁጥር ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል፤ እሱ ላይ እመለሳለሁ።

49 ማስፈራሪያ አይደለም። የአየሩ ሙቀት ግን አይደለም፤ አየሩ 34 ነው። 49 ሂት ኢንዴክስ የሚባለው ስሌት ውጤት ነው። የሚለው ይሄን ነው፦ በዚህ እርጥብ 34 ዲግሪ ውስጥ ሰውነት ራሱን ለማብረድ የሚታገለው ትግል፣ እርጥበቱ አነስተኛ በሆነ የ49 ዲግሪ አየር ውስጥ ከሚገጥመው ጋር ይቀራረባል። እርስዎ የሰሩበት በረሃ እርጥበቱ 15 በመቶ ነበር ብንል፣ የ40 ዲግሪው ሂት ኢንዴክስ 38 ብቻ ይሆናል። ከቴርሞሜትሩም ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ የድሮ ትዝታዎን አልጠራጠርም። ችግሩ ያ ትዝታ ለዚህ መጋዘን አይሰራም።

ምክንያቱ ላብ ነው። ላብ በራሱ ሰው አያበርድም፤ የሚያበርደው መትነኑ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሙቀት፣ አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ እሳት ላይ ጥዶ እስኪፈላ ከሚፈጀው ሙቀት ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። በጣም ትልቅ ጉልበት ነው። ነገር ግን በአገጭ በኩል ጠብ ጠብ እያለ መሬት የወደቀ ላብ ምንም ይዞ አልሄደም። ሰውየው ውሃውንም ጨውንም ከስሯል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው አለ። ሰው «ላቤ እንደ ጉድ እየወረደ ነው» ሲል ብዙዎች ሰውነቱ በደንብ እየበረደ ይመስላቸዋል። የሚወርድ ላብ ያልተነነ ላብ ነው።

ታዲያ ላቡ ለምን አይተንም? የታጠበ ልብስ በወበቅ ቀን ገመድ ላይ ውሎ ርጥብ እንደሆነ የሚያድረው ለምንድን ነው? ነገሩ አንድ ነው። ውሃ የሚተነው ከበዛበት ወደ አነሰበት ነው። 35 ዲግሪ የሆነ ላብ የያዘ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያለው ስስ አየር፣ በአንድ ሜትር ኩብ 40 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል። የበረሃዎ አየር 40 ዲግሪ ይሁን እንጂ በ15 በመቶ እርጥበት 8 ግራም ያህል ብቻ ነው የያዘው። ልዩነቱ 32 ግራም ነው፤ ላቡ ገና ብቅ ሲል ይጠፋል። የመጋዘንዎ አየር 34 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 75 በመቶ ከሆነ ግን 28 ግራም ይዟል። ልዩነቱ 12 ግራም ብቻ ነው። ላቡን የሚስበው ኃይል ከበረሃው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሲሶ ገደማ ወርዷል ማለት ነው።

አሁን አንዱን ልጅ እንውሰድ። ክብደቱ 70 ኪሎ ነው፣ ካርቶን እያወረደ ነው። ሂሳቡን በድሮው 100 ዋት አምፖል ብናደርገው ይቀላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ አንድ አምፖል ያህል ሙቀት ያመነጫል። ጭነት የሚያወርድ ደግሞ ሦስት ተኩል አምፖል ያህል። ይሄ ሁሉ ሙቀት መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ውስጥ ይከማቻል።

በበረሃው አየር ላይ፣ አየሩ ከቆዳው ስለሚሞቅ ተጨማሪ አንድ አምፖል ያህል ከውጭ ይገባበታል። የሚያስወጣው አራት ተኩል ሆነ። ነገር ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ፣ ልብስ ለብሶም ቢሆን መጠነኛ ነፋስ ካገኘ ላቡ አምስት አምፖል ያህል ሊያስወጣለት ይችላል። ይጨንቀዋል፣ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ግን ሂሳቡ ይዘጋል።

በመጋዘንዎ አየሩ ከቆዳው በትንሹ ስለሚቀዘቅዝ እንዲያውም ትንሽ ይረዳዋል፤ የሚያስወጣው ከሦስት ተኩል ትንሽ ያንሳል። ይሄ ነው ሰውን የሚያታልለው። ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሏል፣ ሸክሙም ቀሏል። ነገር ግን በዚያው ልብስና በዚያው ነፋስ ላቡ ማስወጣት የሚችለው ሁለት አምፖል ያህል ብቻ ነው። ከአንድ አምፖል በላይ ሙቀት በየደቂቃው ውስጥ ይቀራል። ቆዳው እየሞቀ ሲሄድ ትነቱ ትንሽ ስለሚጨምር ጉድለቱ በመጠኑ ይጠባል። ያም ሆኖ የሰውነቱ ሙቀት በሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሁለት ሰዓት ሳያርፍ ከሰራ 39 ይገባል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አእምሮ መሳት የሚጀምርበት ደጃፍ ላይ ነው። የእነዚህ ቁጥሮች ዳር ዳር እንደ ሰውየው፣ እንደ ልብሱና እንደ ነፋሱ ከፍ ዝቅ ይላል። አቅጣጫቸው ግን አይቀየርም።

አሁን ወደ ዌት ባልብ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የቴርሞሜትር ጫፍ ላይ ርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ ቢያስመቱት የሚያነበው ቁጥር ነው። ውሃው እየተነነ ጫፉን ያበርደዋል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ በጣም፣ ወበቅ ከሆነ ጥቂት። የላበው ሰው ማለት ይሄው ርጥብ ጨርቅ የለበሰው ቴርሞሜትር ነው። በበረሃዎ 40 ዲግሪ ላይ ርጥቡ ቴርሞሜትር 21 ገደማ ያነባል። በመጋዘንዎ 34 ዲግሪ ላይ 30 ያነባል። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው በሁለቱ ቴርሞሜትሮች መካከል ያለውን ርቀት ነው። በረሃው ላይ 19 ዲግሪ ርቀት አለ። መጋዘኑ ውስጥ 4 ብቻ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ያ ርቀት ከጠበበ ላብ መስራት አቁሟል ማለት ይቻላል።

35 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? የቆዳ ሙቀት 35 ገደማ ስለሆነ ነው። ርጥቡ ቴርሞሜትር 35 ካነበበ፣ ራቁቱን ጥላ ስር ተኝቶ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ነፋስ እየመታው ያለ ጤነኛ ሰው እንኳ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም። በ2010 የወጣ ጥናት ይሄን የሰው ልጅ የመጨረሻ ወሰን አድርጎ አስልቶታል። ወሰኑ የመኖርና ያለመኖር ነው፤ የመስራትና ያለመስራት አይደለም። በኋላ ወጣትና ጤነኛ ሰዎችን ቤተ ሙከራ አስገብተው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እያሰሩ ሲለኩ፣ በርጥብ አየር ሰውነታቸው ሙቀቱን መቆጣጠር ያቃተው ከ30 እስከ 31 ባለው ዌት ባልብ ላይ ነው። ያውም ካርቶን ሳይሸከሙ። በ2003 አውሮፓ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በሙቀት ሲሞት ዌት ባልቡ ከ28 አላለፈም። በፓኪስታኗ ጃኮባባድና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ራስ አል ኸይማህ 35 ለአጭር ጊዜ ተመዝግቦ ያውቃል፤ በአብዛኛው ዓለም ግን ያንን ቁጥር አያዩትም። 35ን የሚጠብቅ አሰሪ ልጆቹ ቀድመው ይወድቁበታል።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት ልንገርዎ። ሰው ጠዋት ስልኩን ያይና እርጥበቱ 95 በመቶ ነው ይላል። ከዚያ የከሰዓቱን 34 ዲግሪ ከጠዋቱ 95 ጋር አጣምሮ ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል። የሚያገኘው ቁጥር ምድር ላይ የሌለ ነው። እርጥበት በመቶኛ ሲነገር ከአየሩ ሙቀት ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ጠዋት 24 ዲግሪ ላይ 95 በመቶ የነበረ አየር፣ ያው ውሃ ውስጡ እንዳለ ከሰዓት 34 ሲደርስ 53 በመቶ ገደማ ይሆናል። የሰዓቱን ሙቀት ከሰዓቱ እርጥበት ጋር ብቻ ያጣምሩ። ተቃራኒውም አለ፤ «እርጥበቱ ከጠዋቱ ወርዷልኮ» ብለው እንዳይዘናጉ። መቶኛው እንጂ ውሃው አልወረደም።

ስልክዎ ላይ ያለው ሂት ኢንዴክስም ገደብ አለው። ስሌቱ ሲሰራ በጥላ ስር፣ ቀላል ልብስ ለብሶ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ታስቦ ነው። የሚሸከም ሰው አልታሰበም። ቀጥታ ጸሐይ ላይ ቁጥሩ እስከ 8 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። የእርስዎ መጋዘን ጥላ ነው ይሉኝ ይሆናል። እጅዎን ወደ ላይ ዘርግተው ከቆርቆሮው ስር ጥቂት ደቂቃ ይቁሙ። አናትዎ ላይ የሚሰማዎት ከጣሪያው የሚወርድ ጨረር ነው፤ ስልኩ እሱን አያውቅም። ስልኩ የሚያውቀው ከመጋዘኑ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለ የአየር ጣቢያን ነው። በሩ የተዘጋ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ስምንት ሰው የሚያልበው ላብ ራሱ አየሩን ያረጥበዋል።

ስለዚህ እዚያው ይለኩ። ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትር ይግዙ። መጀመሪያ አንድ ቦታ አስቀምጠው እኩል ማንበባቸውን ያረጋግጡ። የአንዱን ጫፍ በነጭ የጥጥ የጫማ ክር ጠቅልለው የክሩን ጅራት ንጹህ ውሃ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ። ሁለቱንም ልጆቹ የሚሰሩበት ቦታ፣ በደረት ቁመት ይስቀሉና ቬንትሌተር ያስመቷቸው። ነፋሱ ካልመታው ርጥቡ ከፍ አድርጎ ያነባል። ክሩ ከቆሸሸ ወይም ከደረቀም እንደዚያው፤ በየጥቂት ቀኑ ይቀይሩት። ንባቡ መውረዱን ሲያቆም ይጻፉት። በገበያ ላይ የጸሐይንና የጨረርን ሙቀት ጨምሮ የሚለካ ደብሊውቢጂቲ የሚባል መሣሪያም አለ። እሱ ካለዎት ይሻላል። ግን የእሱን ቁጥርና የዌት ባልብን ቁጥር እንዳያምታቱ፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም።

ቬንትሌተሩን በተመለከተ፣ በ34 ዲግሪ ይጠቅማል፤ አያጥፉት። ቆዳው ላይ ተጣብቆ የቆመውን ርጥብ አየር ጠርጎ ላቡ ትንሽ እንዲተን ያደርጋል። ግን ነፋሱ የሚያመጣው አየርም ያው 28 ግራም የተሸከመ አየር ነው። ልዩነቱን አያሰፋውም። ልጆቹን በየሃያ ደቂቃው ክንዳቸውንና አንገታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ቢያስነክሩ ከቬንትሌተሩ ጋር ተደምሮ የተሻለ ይሰራል። የሚገርመው፣ ቬንትሌተር ጎጂ የሚሆነው በጣም በሚሞቅ ደረቅ አየር ነው። 47 ዲግሪ በ10 በመቶ እርጥበት ላይ በተደረገ ሙከራ ነፋሱ ሰዎቹን ይበልጥ አሙቋቸዋል። በ40 ዲግሪና በ50 በመቶ ግን ረድቷቸዋል። ላብ ቶሎ የሚደርቅበት ቦታ ላይ ነፋስ የሚጨምረው ነገር የለውም፤ ሙቅ አየር ብቻ ነው የሚያራግፍብዎት።

ውሃ ደግሞ ላብን ይተካል እንጂ ሙቀትን አያስወጣም። በወበቅ ውስጥ አምስት ሊትር የጠጣ ሰው ላቡ ካልተነነ እኩል ይሞቃል። ሊያውም ያለ ጨው በላይ በላዩ ከጠጣ ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ራስ ምታትና ማስመለስ ይጀምረዋል፤ ሰውም ሙቀት መታው ብሎ ሌላ ውሃ ይጨምርለታል። በየሃያ ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ምግብ ደግሞ ጨው ያለበት ይሁን። ደረቅ ሙቀት በአንጻሩ በዚህ በኩል ተንኮለኛ ነው። ላቡ ስለማይታይ ሰው አላበኝም ብሎ ሳይጠጣ ይውላል። ደረቁ አየር ደህና ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይያዙልኝ።

ውሳኔዬ ይሄ ነው። ከላይ እንዳልኩት በተሰቀሉት ቴርሞሜትሮች ርጥቡ 27 ሲያልፍ ግማሽ ሰዓት ስራ፣ ግማሽ ሰዓት እረፍት ያድርጉ። እረፍቱ መጋዘኑ ጥግ ላይ አይሁን፤ ነፋስ ያለበት፣ ጣሪያው የማይጋግር ቦታ ይሁን። 29 ሲገባ ጭነት ማውረድ ይቁም። ሹፌሩ ይጠብቅ ወይም በሌሊት ይራገፍ። የእርስዎ 34 ዲግሪ በ75 በመቶ 30 ስለሆነ፣ እንደዚያ ባለ ሰዓት ማሰራት የለብዎትም። ለድርድር የማቀርበው ነገር አይደለም።

አዲስ ልጅ ከገባ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨውም አያባክንም። በመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ የስራ መጠን አምስት አንዱን ብቻ ይስጡት፤ በየቀኑ በዚያው ልክ ይጨምሩለት። አንድ ጊዜ ለምርመራ የተጠራሁበት መጋዘን ውስጥ ሰባት ነባር ሠራተኞች ምንም ሳይሆኑ ስምንተኛው ወድቋል። ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አለቃው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ አርፌ ልምጣ አይልም» እያለ ይነግረኝ ነበር። ያ ጉብዝና ነው የጣለው። ነባር ሠራተኛም ቢሆን ሁለት ሳምንት እረፍት ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይቁጠሩት።

በመጨረሻ ምን እንደሚያዩ ልንገርዎ። ድካም፣ ቁርጠት፣ ማዞር ካለ ልጁ ያርፍ፣ ይቀዝቅዝ፣ ይጠጣ። ነገር ግን ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ ወይም የት እንዳለ ከጠፋው ሙቀቱ አእምሮውን ነክቶታል ብለው ይያዙ። «ቆዳው ርጥብ ስለሆነ አልመታውም» የሚል ሰው አይስሙ፤ ሲሰሩ በሙቀት የተመቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ላብ በላብ እንደሆኑ ነው የሚወድቁት። የትኩሳት ኪኒን አይስጡት፣ አይረዳውም። ራሱን ላልገዛ ሰው ውሃ አፉ ውስጥ አያንቆርቁሩ፤ ሊያንቀው ይችላል። አምቡላንስ ይጠሩ፣ ግን ቆመው አይጠብቁ። ወዲያው ያብርዱት፣ መኪና ላይ መጫኑ ከዚያ በኋላ ነው።

ማብረድ ሲባል በወበቅ ቀን እያርገፈገፉ ማናፈስ ብቻ አይበቃም። ላቡን ማትነን ያቃተው አየር እርስዎ የረጩበትንም ውሃ በቅጡ አያተንም። ሙቀቱን ቀዝቃዛው ውሃ ራሱ በቀጥታ መውሰድ አለበት። እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስገቡት፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ደግፎ ይያዝ። ለዚህ የሚሆን ሰው የሚያስተኛ ትልቅ ገንዳና በረዶ ከአሁኑ ያዘጋጁ። ገንዳ እስኪያገኙ ድረስ የውሃ ጎማውን ከፍተው ከራስ እስከ እግሩ ሳያቋርጡ ያፍስሱበት፣ የጨርቅ ፎጣ በበረዶ ውሃ እየነከሩ በየደቂቃው ይቀያይሩለት። ገንዳው የጭነት መኪናው ከመድረሱ በፊት ተሞልቶ በሩ አጠገብ ይቀመጥ።